በምስል የተሞላ ስላይድን ለስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ተማሪ ወደ ጽሑፍ ማስታወሻ መቀየር፦ አንድ የኢኮኖሚክስ ግራፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ደሴ ላይ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ አንድ ማየት የተሳነው ተማሪ ጠብቆ ያዘኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። "መምህር፣ የላኩልንን ስላይድ ከፈትኩት። ስላይድ 14 ላይ 'ፒክቸር 3' ይልና ዝም ይላል" አለኝ። ስላይድ 14 ማለት የፍላጎትና የአቅርቦት ግራፍ ነው። የዚያ ሳምንት ትምህርት በሙሉ እዚያ ምስል ውስጥ ነበር።

ስክሪን ሪደር ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ የሚያነበው ግን ጽሑፍ ብቻ ነው። ምስል ውስጥ የተሳለ መስመር፣ ከመጽሐፍ ፎቶ ተነስቶ የተለጠፈ ሰንጠረዥ፣ በምስል መልክ የገባ ቀመር፣ ሁሉም ለእሱ አንድ ናቸው፤ "ምስል አለ" ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ከስላይዱ ጎን አንድ የወርድ ማስታወሻ አዘጋጃለሁ። እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ፤ አብዛኛውን ቦታ የምሰጠው ግን ለዚያው ለስላይድ 14 ነው፣ ምክንያቱም የሚከብደው ግራፉን በቃል መግለጹ ነው።

መጀመሪያ ምስሎቹን ለዩ

ስላይዱን ከፍታችሁ እያንዳንዱ ምስል ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ባወጣው ተማሪው ምን ይጎድለዋል? ምንም ካልጎደለው ጌጥ ነው። የተቋሙ አርማ፣ ጥግ ላይ ያለው የሳንቲም ክምር ፎቶ፣ "ጥያቄ አለ?" የሚለው ስላይድ ላይ እጁን ያወጣው ሰውዬ፣ እነዚህን ማስታወሻው ውስጥ አታስገቧቸው። መግለጫም አይጻፍላቸው። በጆሮ የሚያነብ ሰው ዓይኑን ወርውሮ የማይጠቅመውን መዝለል አይችልም፤ የጻፋችሁትን ሁሉ ይሰማል።

ከጌጡ ውጭ ሁለት ዓይነት ይቀራል። አንዱ በምስል መልክ የገባ ጽሑፍ ነው። ትርጉም፣ ሰንጠረዥ፣ ቀመር ሊሆን ይችላል። ይህ መግለጫ አይፈልግም፣ መጻፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሌላው እውነተኛው ሥዕል ነው፤ ግራፍ፣ ካርታ፣ የሂደት ሥዕል። መግለጫ የሚጻፈው ለዚህ ነው። አንድ ምዕራፍ ስትለዩ አብዛኛው ጌጥና ጽሑፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እውነተኛ ሥዕል የሚሆነው ጥቂቱ ነው፣ ጊዜያችሁንም ለእሱ አስቀምጡ።

ያለውን ጽሑፍ ማውጣት

ፓወርፖይንት ላይ `View` ከዚያ `Outline View` ግቡ። በግራ በኩል የሚታየው ስላይዱ በትክክለኛ የጽሑፍ ቦታው ላይ የያዘው ነገር ብቻ ነው። እዚህ የማይታይ፣ ስላይዱ ላይ ግን የሚታይ ጽሑፍ ካለ፣ ወይ ሰው በራሱ ያስገባው የጽሑፍ ሳጥን ነው ወይ ምስል ነው። ይህን ማነጻጸር ሳትሠሩ አትለፉ፤ ትምህርቱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

`Save As` ላይ `Outline/RTF` ብላችሁ ካስቀመጣችሁ በወርድ የሚከፈት ጽሑፍ ይወጣላችኋል። የጽሑፍ ሳጥኖቹና ምስሎቹ አብረው አይወጡም፤ ስለዚህ የሳጥኖቹን አንድ በአንድ ቀድታችሁ በየቦታቸው አስገቡ። ወደ ርዕሶቹ አሠራር በኋላ እመለሳለሁ።

ምስሎቹን ጥርት ባለ መጠን ማግኘት ከፈለጋችሁ ደግሞ የፋይሉን ቅጂ ውሰዱና መጨረሻው ላይ ያለውን `.pptx` ወደ `.zip` ቀይሩት። ከዚያ ክፈቱት፤ `ppt` ከዚያ `media` የሚል ፎልደር ውስጥ ሁሉም ምስል እንደገባ ተቀምጧል።

በምስል የገባው ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ከሆነ በእጅ መጻፍ ይፈጥናል። ብዙ ከሆነ ቴሴራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ አማርኛም ያነባል፤ የአማርኛውን የቋንቋ ፋይል አብራችሁ መጫን ብቻ ነው።

```
tesseract image7.png slide19 -l amh+eng
```

`slide19.txt` የሚል ፋይል ይሰጣችኋል። ግን አታምኑት። በትንሽ ጭረት የሚለያዩ ፊደላት፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ይምታቱበታል። ቁጥሮቹንማ አንድ በአንድ ከምስሉ ጋር አስተያዩ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለ። የቆዩ የአማርኛ ሃንዳውቶች ብዙዎቹ በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ከስር ግን ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው የግዕዝ መልክ የሚሰጠው። ስክሪን ሪደሩ ደግሞ መልኩን አያይም፣ ከስር ያለውን ነው የሚያነበው። ተማሪው የሚሰማው ትርጉም የለሽ የፊደልና የምልክት ድርድር ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፣ ማለትም ከስርም እውነተኛ የግዕዝ ፊደል ነው ያለው። ወደ ላቲን ፊደል ከተቀየረ የድሮው ነው፣ እንደገና መጻፍ ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ አለባችሁ።

ቀመር ላይም አንድ ነገር። ተማሪዬ የሚጠቀመው ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነፃ ስክሪን ሪደር ነው። ኤንቪዲኤ በተለመደው አቀማመጡ ከኪቦርድ የምንጽፋትን አጭር ሰረዝ አይጠራትም። እናንተ "100 ሲቀነስ 2P" ብላችሁ የጻፋችሁት ለእሱ "100 2P" ይሆናል ማለት ነው። ትክክለኛውን የመቀነስ ምልክት ከተጠቀማችሁ ግን ይጠራዋል። ወርድ ላይ `2212` ጽፋችሁ `Alt + X` ስትጫኑ ይመጣል። ከፍ ብሎ በትንሹ የሚጻፍ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ የቁጥሩ ከፍ ማለት በተለመደው አቀማመጥ ስለማይነገር P ስኩዌር "P2" ሆኖ ይሰማል። እኔ በቃል እጽፈዋለሁ።

ስላይድ 14ን በቃል መሥራት

ሥዕሉ ይህን ይመስላል። ቋሚው መስመር ዋጋ ነው፣ አግዳሚው ብዛት። ሰማያዊ የፍላጎት መስመር አለ፣ D ተብሏል። ቀይ የአቅርቦት መስመር አለ፣ S1 ተብሏል። ሌላ ቀይ ግን የተቆራረጠ መስመር ከS1 በስተግራ አለ፣ S2 ነው። ሁለት ነጥቦች አሉ፣ E1 እና E2። ከS1 ወደ S2 የሚያመለክት ቀስትም አለ። ምሳሌው ሽንኩርት ነው፤ ዋጋ በብር ለኪሎ፣ ብዛት በኩንታል።

የመጀመሪያ መግለጫዬ "ግራፉ የአቅርቦት መቀነስ የገበያ ሚዛንን እንዴት እንደሚለውጥ ያሳያል" የሚል ነበር። ይህ የግራፉ ርዕስ እንጂ ግራፉ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፣ የመስመሩን ውፍረት ሳይቀር ጻፍኩ። ተማሪው አድምጦ ሲጨርስ "አብሽር መምህር፣ ልፋቱ ገብቶኛል፤ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አልተሳለም" አለኝ።

ያኔ የገባኝ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የሚያይ ሰው ግራፉን መጀመሪያ በሙሉ ያየዋል፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ዝርዝሩ ይሄዳል። መግለጫውም እንደዚያ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ምን ዓይነት ሥዕል እንደሆነና ስንት ነገር እንደያዘ ተናገሩ። ቀጥሎ ቋሚውና አግዳሚው ምን እንደሚለኩ፣ በምን መለኪያ፣ ከስንት እስከ ስንት። ከዚያ እያንዳንዱ መስመር ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ። መጨረሻ ላይ የሚገናኙበትን ነጥብ፣ ቀጥሎም ምን እንደተለወጠ።

ቁጥሮቹ ከስላይዱ ቀመሮች ነው የሚመጡት፤ P ዋጋ ነው፣ Qd የፍላጎት ብዛት፣ Qs1 እና Qs2 የመጀመሪያውና የአዲሱ አቅርቦት ብዛት፦

```
Qd  = 100 − 2P
Qs1 = 10 + P
Qs2 = −20 + P
```

E1 ላይ ፍላጎትና የመጀመሪያው አቅርቦት እኩል ናቸው። ዋጋ 30፣ ብዛት 40። E2 ላይ ፍላጎትና አዲሱ አቅርቦት እኩል ናቸው። ዋጋ 40፣ ብዛት 20። መግለጫ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ራሳችሁ አስሉ። ሥዕሉ በዓይን ግምት የተሳለ ከሆነ ነጥቦቹ ከቀመሩ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። በዓይን የሚያነብ ተማሪ ይህን አያስተውለውም፣ በቁጥር የሚያነበው ግን ወዲያው ይደናቀፍበታል።

ተማሪው ጋ የደረሰው ይህ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማስታወሻው ላይ በእንግሊዝኛ ነው ያለው፣ እዚህ ግን በአማርኛ ላስቀምጠው፦

> ስላይድ 14 ላይ ያለው ግራፍ። የሽንኩርት ገበያ ግራፍ ነው። ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮችና ሁለት የመገናኛ ነጥቦች አሉት።
>
> ቋሚው መስመር ዋጋ ነው፣ ብር ለኪሎ፣ ከ0 እስከ 50። አግዳሚው ብዛት ነው፣ በኩንታል፣ ከ0 እስከ 100።
>
> የፍላጎት መስመር፣ D፣ ሰማያዊ። ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል። ዋጋ 50፣ ብዛት 0 ላይ ይነሳል፤ ዋጋ 0፣ ብዛት 100 ላይ ያልቃል።
>
> የመጀመሪያው የአቅርቦት መስመር፣ S1፣ ቀይ። ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። ዋጋ 0፣ ብዛት 10 ላይ ይነሳል፤ ዋጋ 50፣ ብዛት 60 ላይ ያልቃል። ከD ጋር የሚገናኘው E1 ላይ ነው፤ ዋጋ 30፣ ብዛት 40።
>
> አዲሱ የአቅርቦት መስመር፣ S2፣ ቀይ የተቆራረጠ። ከS1 ጋር ትይዩ ሆኖ በስተግራው ይሄዳል፤ በማንኛውም ዋጋ ላይ ብዛቱ ከS1 በ30 ያንሳል። ዋጋ 20፣ ብዛት 0 ላይ ይነሳል፤ ዋጋ 50፣ ብዛት 30 ላይ ያልቃል። ከD ጋር የሚገናኘው E2 ላይ ነው፤ ዋጋ 40፣ ብዛት 20። ከS1 ወደ S2 የሚያመለክት ቀስት አለ።

ቀለሙን ለምን ጻፍኩ? በመርህ ደረጃ ቀለም ትርጉም ከሌለው አይጻፍም። ግን እኔ ክፍል ውስጥ "ቀዩን ተመልከቱ" እላለሁ። ስለዚህ የትኛው ቀይ እንደሆነ ማወቅ አለበት። አስተማሪው በአፉ የሚጠራው ነገር ሁሉ ማስታወሻው ላይ ስም ይኑረው። የመስመሩን ውፍረት ግን ማንም አይጠራውም፣ ወጥቷል።

"ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል" የሚለው ራሱ ለአንዳንድ ተማሪ፣ በተለይ ከልደቱ ጀምሮ አይቶ ለማያውቅ፣ አየር ላይ የቀረ ቃል ሊሆን ይችላል። ተማሪዬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲሄድ ሐረጎን ይወርዳል፣ ታክሲው ውስጥ ሰውነቱ ወደ ፊት ሲጎተት ያውቀዋል። "ደሴን በግራ፣ ኮምቦልቻን በቀኝ አስቀምጥ። ፍላጎት መሄጃው ነው፣ አቅርቦት ግን ደሴ በቀኝ የሆነበት ሽቅብ ነው" አልኩት። ከዚያ በተጨማሪ አንድ ካርቶን ላይ ሲባጎ በኮላ ለጥፌ ሁለቱን መስመሮች በጣቱ ዳሰሳቸው። አንድ ጊዜ ነው ያስፈለገው፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ግራፎች ሁሉ በቃል ብቻ ይከተላቸዋል። የማስታወሻው ጽሑፍ ላይ ግን ሐረጎን አላስገባሁም፤ ምሳሌ በቃል ይነገራል፣ ማስታወሻው የሥዕሉን ነገር ብቻ ይያዝ።

ከመግለጫው ሥር ሰንጠረዥ ጨምሬያለሁ። ቁጥር ያለበት ግራፍ ከሆነ ሰንጠረዡ ከአረፍተ ነገሩ በላይ ይሠራል፣ ምክንያቱም ተማሪው በፈለገው ዋጋ ላይ ቆሞ ወደ ጎን ማነጻጸር ይችላል።

| ዋጋ | ፍላጎት D | አቅርቦት S1 | አቅርቦት S2 |
|---|---|---|---|
| 20 | 60 | 30 | 0 |
| 30 | 40 | 40 | 10 |
| 40 | 20 | 50 | 20 |
| 50 | 0 | 60 | 30 |

ዋጋ 30 ላይ ከቆመ ፍላጎት 40፣ አዲሱ አቅርቦት 10 መሆኑን ያነባል፤ የ30 ኩንታል እጥረቱን ራሱ ያገኘዋል። እዚህ ላይ እጥረቱን እኔ አልጻፍኩለትም። ስላይዱ ቀጥሎ "ዋጋው 30 ላይ ቢቆይ ምን ይፈጠራል?" ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ መግለጫው ውስጥ ካለ ጥያቄው ጥያቄ አይሆንም። የሚያይ ተማሪ ከሥዕሉ ምን ያገኛል? ያን ያህል ስጡት፣ አትቀንሱበት፣ አትጨምሩለትም።

መግለጫውን በእርሳስ መፈተን

የጻፋችሁትን ስላይዱን ላላየ ሰው አንብቡለትና ወረቀት ላይ ይሳለው። የምትጠይቁት ሌላ ነገር የለም፣ እናንተም ምንም አትጨምሩ። እኔ ለሥራ ባልደረባዬ አነበብኩለት። በዚያን ጊዜ ስለ S2 የጻፍኩት "መስመሩ ወደ ላይ ይነሳል" የሚል ነበር። ሥዕሉ ላይ ውሸት አይደለም፤ ወደ ግራ የሄደ የአቅርቦት መስመር ወደ ላይም የተነሳ ይመስላል። ባልደረባዬ ግን S2ን በስተቀኝ ሳለው። "ወደ ላይ" ሲባል አቅርቦት ጨመረ ብሎ ነው የሰማው። ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው። "በማንኛውም ዋጋ ላይ ብዛቱ በ30 ያንሳል" የሚለው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አቅጣጫ ብቻውን ሲያሳስት ቁጥሩ ያቃናዋል።

ሰውየው እርሳሱን አንስቶ ካመነታ የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ጉድለቱ ያለው ካመነታበት ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ቀደም ብሎ ነው፣ ብዙ ጊዜ።

ወርድ ላይ ማደራጀት

የወጣው ጽሑፍ ላይ የእያንዳንዱን ስላይድ ርዕስ በ`Ctrl + Alt + 1` እውነተኛ `Heading 1` አድርጉት። ፊደሉን ማድመቅና ማተለቅ ለስክሪን ሪደር ምንም አይለውም። የግራፍ መግለጫውን ርዕስ በ`Ctrl + Alt + 2` `Heading 2` አድርጉ። ርዕስ ያልሆነ መስመር ርዕስ ሆኖ ከመጣ `Ctrl + Shift + N` ወደ ተራ ጽሑፍ ይመልሰዋል። ይህ ሲሠራ ተማሪው `H` እየተጫነ ከርዕስ ርዕስ ይዘላል፣ `1` ሲጫን ከስላይድ ስላይድ፣ `2` ሲጫን ከግራፍ ግራፍ።

ርዕሱ በስላይዱ ቁጥር ይጀምር፦ "ስላይድ 14፣ የገበያ ሚዛን"። መጀመሪያ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ተማሪው እንዲቀየር ጠየቀኝ፤ ክፍል ውስጥ እኔ "14 ላይ ነን" ስል እሱ `H` እየተጫነ ይሮጣል፣ ቁጥሩን ቀድሞ ከሰማ የቀረውን ቆርጦ ያልፋል። ጌጥ ብቻ የነበረበት ስላይድ ቢኖርም ቁጥሩን አትዝለሉ። "ስላይድ 9፣ ምስል ብቻ" ብላችሁ አስገቡ። ካልሆነ የጠፋ ገጽ ያለ ይመስለዋል።

ረጅሙ መግለጫ ገጹ ላይ ይሁን እንጂ ከምስሉ ጋር ተያይዞ በሚሄደው የ`Alt Text` ሳጥን ውስጥ አትቅበሩት። እዚያ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል፣ ተማሪው ወደ ኋላ ተመልሶ "ዋጋ ስንት ነበር?" ብሎ ቃል በቃል መስማት ይከብደዋል፣ ሰንጠረዥም አይገባበትም። ትንሽ ለሚያየው ተማሪ ምስሉንም ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ሥዕሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ `Alt Text` ውስጥ "የሽንኩርት ገበያ ግራፍ፣ መግለጫው ከታች ነው" ብቻ በሉ። አቀማመጡንም `In Line with Text` አድርጉት፤ ከጽሑፉ ላይ የሚንሳፈፍ ምስል ስክሪን ሪደሩ ሊያጣው ይችላል።

ሰንጠረዡ ላይ ሁለት ሳጥን አታዋህዱ፣ ባዶ ሳጥንም አትተዉ። የመጀመሪያውን ረድፍ መርጣችሁ `Layout` ውስጥ `Repeat Header Rows` ጫኑ። ያኔ ተማሪው `Ctrl + Alt` ይዞ በቀስቶቹ ሲንቀሳቀስ የዓምዱ ስም ይነገረዋል፤ "አቅርቦት S2፣ 10" ይላል እንጂ "10" ብቻ አይልም።

ራሳችሁ ስሙት

ኤንቪዲኤን ጫኑ፣ ነፃ ነው። መስማቱ መጀመሪያ ቢፈጥንባችሁ `Tools` ውስጥ `Speech Viewer` የሚል አለ፤ የሚናገረውን ሁሉ በጽሑፍ ያሳያችኋል። ማስታወሻውን ክፈቱና `Insert + Space` ተጭናችሁ `H` በሉ። ርዕሶቹ በቅደም ተከተል መጡ? ቀጥሎ `Insert + ታች ቀስት` ጫኑና ስክሪኑን አጥፍታችሁ አድምጡ። ቀመሩ ላይ "ማይነስ" ካልሰማችሁ ሰረዟ ናት፣ አስተካክሏት። ለማቆም `Ctrl`፣ ከፕሮግራሙ ለመውጣት `Insert + Q`።

አማርኛው ላይ ዝም ካለ ወይም ከተንተባተበ ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። የተመረጠው ድምፅ አማርኛ ስለማያውቅ ሊሆን ይችላል። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው `eSpeak NG` አማርኛ አለው። ድምፁ የሮቦት ነው፣ ጥራቱም ብዙ አያስደስትም፣ ግን ይነበባል። አማርኛና እንግሊዝኛ ከተቀላቀለ የአማርኛውን ክፍል መርጣችሁ `Review` ውስጥ `Language` ላይ አማርኛ መሆኑን ንገሩት፤ ድምፁ በራሱ እንዲቀያየር የሚረዳው ይህ ነው።

መላክ

የወርድ ፋይሉን ራሱን ላኩ፣ ወደ ፒዲኤፍ አትቀይሩት። ከወርድ የወጣ ፒዲኤፍ ርዕሶቹን ሊያጣ ይችላል፣ ተማሪውም የራሱን ማስታወሻ መጨመር አይችልም። ላፕቶፕ የሌለው፣ በስልኩ ቶክባክ በሚባለው ስክሪን ሪደር የሚያነብ ተማሪ ካላችሁ ከወርድ ላይ `Web Page, Filtered` ብላችሁ ሁለተኛ ቅጂ አውጡለት። ክሮም ላይ ሲከፍተው በርዕስ መዝለል ይችላል። በምስል የተሞላው ስላይድ ቴሌግራም ላይ ለመውረድ ሰዓት የሚፈጅበት ቦታ ላይ ይህ ፋይል ወዲያው ይወርዳል፤ ጽሑፍ ብቻ ነው።

የሚላክበት ጊዜ ከክፍሉ በፊት ነው። የሰኞ ክፍል ከሆነ እኔ ቅዳሜ ማታ እልካለሁ፣ እሑድ አንድ ጊዜ እንዲያዳምጠው። ስላይዱን ሰኞ ጠዋት ካሻሻልኩ የተለወጠውን ስላይድ ብቻ በቁጥሩ ጠቅሼ በመልእክት እጽፍለታለሁ፦ "14 ላይ E2 ተስተካክሏል፣ ዋጋ 40፣ ብዛት 20።" አዲስ ፋይል አልልክም፤ አሮጌው ላይ የጨመራቸውን የራሱን ማስታወሻዎች ጥሎ እንደገና መጀመር ይሆንበታል።